ፒኩን ያሰፋው ማነው? የመጠንና የማይክሮስትሬን ክርክር

ጠያቂ፦ በቦል ሚል የፈጨሁት የኒኬል ዱቄት አለኝ። በመዳብ ኤክስሬይ ሳነሳው የ(111) ፒክ ወርድ 0.66°፣ የ(222) ደግሞ 1.27° ሆነ። የክሪስታሉን መጠን ከወርዱ በሼረር ቀመር ስሠራው የመጀመሪያው 13፣ ሁለተኛው 9.6 ናኖሜትር ይለኛል። በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የማየው ቅንጣት ግን 300 ናኖሜትር ገደማ ነው። የትኛውን ልመን? የዊልያምሰን-ሆል መስመር ብቻውን ይበቃኛል?

ደጋፊ፦ ይበቃል። ሼረር ቀመሩን በ1918 ሲያወጣ ፒኩን የሚያሰፋው የክሪስታሉ ማነስ ብቻ እንደሆነ ወስዶ ነው። የተፈጨ ብረት ግን ውስጡ የተጎሳቆለ ነው። በአንዱ ቦታ የአተሞቹ ረድፍ ተወጥሯል፣ በሌላው ተጨምቋል። ይሄ ስትሬን ይባላል፣ እሱም ፒክ ያሰፋል። ደግነቱ ሁለቱ ከአንግል ጋር የሚያድጉት በተለያየ መንገድ ነው። የመጠኑ ድርሻ በcosθ ሲባዛ ለሁሉም ፒክ እኩል ይወጣል። የስትሬኑ ድርሻ ከsinθ ጋር አብሮ ይጨምራል። ዊልያምሰንና ሆል በ1953 ያሳዩት ይህንን ነው፦

β·cosθ = 0.9λ/D + 4ε·sinθ

β የፒኩ ወርድ፣ λ የኤክስሬዩ ሞገድ ርዝመት፣ D የክሪስታሉ መጠን፣ ε ስትሬኑ፣ θ ደግሞ ፒኩ የሚታይበት አንግል ግማሽ ነው። ወርዱን ወደ ራዲያን ቀይረን እንሥራው። ለ(111) የግራው ጎን 0.0107፣ ለ(222) ደግሞ 0.0145 ይሆናል። የ(222) sinθ የ(111) ልክ እጥፍ ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን እጥፍ አድርገን ሁለተኛውን ብንቀንስ ስትሬኑ ተጣፍቶ 0.0069 ብቻ ይቀራል። ይህ የመጠኑ ድርሻ ነው፤ 20 ናኖሜትር ይሰጣል። ስትሬኑ 0.25 በመቶ ይወጣል። 13ም 9.6ም ልክ አልነበሩም፤ ሁለቱም የስትሬኑን ዕዳ በመጠኑ ላይ ጭነውታል። አለቀ።

ተቃዋሚ፦ ስሌቱ አልተሳሳተም። ግን ወንድሜ፣ ከስሌቱ በፊት ያለውን ዘለልከው። የተለካው ወርድ የዱቄቱ ብቻ ነው ያለህ ማነው? መዳብ Kα1 እና Kα2 የሚባሉ ሁለት ተቀራራቢ ጨረሮች ያወጣል፤ Kα2 አልተቀነሰ እንደሆነስ? በ98 ዲግሪ ላይ Kα1 እና Kα2 በ0.33° ይራራቃሉ። በ44 ዲግሪ ላይ ግን በ0.12° ብቻ። ፒኩ ከ1 ዲግሪ በላይ ሲሰፋ ሁለቱ ተዋህደው አንድ ይመስላሉ፣ በዓይን አትለያቸውም። ክፋቱ ደግሞ ርቀታቸው የሚያድገው በtanθ ነው። ስትሬንም የሚያድገው እንደዚያው ነው። ስለዚህ ያልተቀነሰ Kα2 በመስመርህ ላይ ስትሬን ሆኖ ይቀመጣል። ነጥቦቹ ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ፣ አንተም ደስ ይልሃል።

ጠያቂ፦ Kα2ን ቀንሻለሁ። የመሣሪያውንም ወርድ በላንታነም ሄክሳቦራይድ ለክቼ አውጥቻለሁ። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። 20 ናኖሜትር ከሆነ ማይክሮስኮፑ 300 የሚለኝ ለምንድነው? ዲፍራክሽኑ ተሳስቶ ይሆን?

ደጋፊ፦ አልተሳሳተም። ማይክሮስኮፑ ያሳየህ ፍርፋሪውን ነው። አንድ ፍርፋሪ ውስጥ ብዙ ክሪስታላይት ተጣብቆ ይኖራል። ኤክስሬዩ የሚለካው የአተሞቹ ረድፍ ሳይቋረጥና ሳይዞር የሚዘልቅበትን ርቀት ነው። ሁለቱ መግጠም የለባቸውም።

ተቃዋሚ፦ በዚህ እንስማማለን። አሁን ወደ እውነተኛው ጠባችን እንግባ። ያ ቀመር ሁለቱን ወርዶች ዝም ብሎ ይደምራል። ወርዶች በቀጥታ የሚደመሩት ሁለቱም ቅርጾች ሎሬንዚያን ሲሆኑ ነው። ሁለቱም ጋውሲያን ቢሆኑ የሚደመረው ስኩዌራቸው ነው። እነዚያኑ 0.0107 እና 0.0145 ወስጄ በስኩዌር ሠራሁት። መጠኑ 15 ናኖሜትር፣ ስትሬኑ 0.37 በመቶ ወጣ። ዱቄቱ ያው ነው፣ ልኬቱም ያው ነው። አንተ 20 አልክ፣ እኔ 15። ሁለታችንም መስመራችን ቀጥ ያለ ነው፤ ነጥቡ ሁለት ብቻ ስለሆነ ከመቅናት ሌላ ምርጫ የለውም።

ደጋፊ፦ በተግባር ግን አብዛኛው ሰው ሎሬንዚያን ይወስዳል፣ ውጤቱም እርስ በርሱ ይነጻጸራል። እኔ ሁሌ በአንድ መንገድ ስለምሠራ የትኛው ናሙና የበለጠ እንደተጎዳ በደንብ ይለይልኛል።

ተቃዋሚ፦ ለማነጻጸር ከሆነ እሺ፣ አልከራከርህም። እሱ የጠየቀው ግን "የትኛውን ልመን" ብሎ ነው። ቅርጹን መገመትም አያስፈልግም፤ ፒኩ ራሱ ይናገራል። ከፒኩ ሥር ያለውን ቦታ በቁመቱ አካፍል። የሚወጣውን ደግሞ በግማሽ ቁመት ላይ ላለው ወርድ አካፍል። ንጹህ ሎሬንዚያን 1.57፣ ንጹህ ጋውሲያን 1.06 ይሰጣል።

ጠያቂ፦ አሁን ሠራሁት። ለ(111) 1.35 መጣ። ለ(222) ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ ከ(311) ጋር ጭራቸው ተነካክቷል።

ተቃዋሚ፦ ያንተ ፒክ እንግዲህ መሃል ላይ ነው። መጠኑም ከ15 እስከ 20 መካከል የሆነ ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚያ በላይ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች ብቻ አልምልም። ደግሞ የጭራው ነገር ቀላል እንዳይመስልህ። የማነስ ምልክት በብዛት ያለው ጭራው ላይ ነው። ባክግራውንዱን ትንሽ ከፍ አድርገህ ከቆረጥክ ጭራው ይጠፋል፣ ፒኩ ወደ ጋውሲያን ያደላል፣ መልስህም አብሮ ይሸሻል። ዋረንና አቨርባክ በ1950 ወርዱን ትተው የፒኩን ሙሉ ቅርጽ በፎሪየር መተንተን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም። ያም ቢሆን ከጭራ ችግር አያድንም።

ደጋፊ፦ ለመሆኑ (200) የት ገባ? ሁለት ነጥብ ብቻ ይዘን ለምን እንጨነቃለን? ሁሉንም ፒክ አስገብተን መስመሩን በአምስት ነጥብ እናስምር።

ጠያቂ፦ የ(200) ወርድ 0.94° ነው። በመስመሩ መሠረት ግን 0.72° አካባቢ መሆን ነበረበት። ልኬቱ ተበላሽቶ መስሎኝ ጥዬው ነበር።

ተቃዋሚ፦ እባክህ መልሰው! ከሁሉም የሚጠቅምህ እሱ ነው። ኒኬል በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይጠነክርም። በ(111) አቅጣጫ ያለው ግትርነት በ(200) አቅጣጫ ካለው ከእጥፍ በላይ ነው። በአንድ ዓይነት ጭነት (200) የበለጠ ይለጠጣል፣ ፒኩም የበለጠ ይሰፋል። አምስቱን ነጥብ በአንድ መስመር ካስገደድካቸው (200) መስመሩን ይጎትተዋል፣ የምታገኘው መጠንም የማንም አይደለም። (111) እና (222) ጥሩ ጥንድ የሆኑት አንድ አቅጣጫ ስለሆኑ ነው። እዚህ ላይ ወንድሜ ሳይታወቀው ትክክለኛውን ጥንድ መርጧል።

ደጋፊ፦ ሳይታወቀኝ አይደለም፣ ግን ይሁን። ቢሆንም የ(200) ስፋት ከግትርነት ብቻ ነው ብለሽ እንዴት እርግጠኛ ሆንሽ? ኒኬል ሲፈጭ የአተም ንብርብሮቹ ቅደም ተከተል ይዛነፋል፣ ስታኪንግ ፎልት ይፈጠራል። እሱም (200)ን ከ(111) አብልጦ ያሰፋል።

ተቃዋሚ፦ ልክ ነህ፣ እኔም እርግጠኛ አይደለሁም። መለያው (400) ነው፣ በ122 ዲግሪ አካባቢ ይገኛል። በ(111) እና (222) የሠራኸውን ቅነሳ በ(200) እና (400) ድገመው። መጠኑ ከመጀመሪያው ጥንድ ጋር ከተቀራረበ ጥፋቱ የመለጠጥ ነው። በጣም አንሶ ከመጣ ፎልት አለ፤ ፎልት እንደ መጠን እንጂ እንደ ስትሬን አያድግምና።

ጠያቂ፦ (400)ን አይቼዋለሁ። ደካማ ናት፣ ከባክግራውንዱ ብዙም አትነሳም።

ተቃዋሚ፦ በዝግታ አንሳት። ከ116 እስከ 128 ዲግሪ፣ ሌሊቱን ሙሉ ብትፈጅም። ጭራው አልቆ ባክግራውንዱ በሁለቱም ወገን ጠፍጣፋ ሆኖ መታየት አለበት።

ደጋፊ፦ ከዱቄቱ ጥቂት ቆንጥረህም በአርጎን ውስጥ በለስላሳ ሙቀት አሳርፈው። የመስመሩ ስሎፕ ወርዶ መቁረጫው ባለበት ከቀረ፣ የቀነሰው ስትሬኑ ነው። ስትሬኑ አብዛኛውን ጊዜ ክሪስታሉ ሳያድግ ቀድሞ ይሄዳል። እኔ አሁንም 20 እላለሁ።

ተቃዋሚ፦ እኔ (400)ን እስካይ ቁጥር አልናገርም።