ለ9 የሚካፈል ልዩነት

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። እኔ የሚቆጨኝ ነገር አይኖርም፤ በተሾምኩ ማግስት መብላት ጀምሬያለሁ። የበላሁት የሰው ሥራ ነው።

ሹመቱን ያመጣልኝ የባንክ ሂሳብ ማስታረቅ ነው። ለማያውቀው ልንገር፦ በየወሩ መጨረሻ ባንኩ «እኔ ዘንድ ያላችሁ ይህን ያህል ነው» ይላል፤ የእኛ መዝገብ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይዞ ድርቅ ይላል። ሁለቱን የሚሸመግለው የሂሳብ ሠራተኛ ነው። እኛ ጽፈን የሰጠነው፣ ባለቤቱ ግን ኪሱ ውስጥ የረሳው ቼክ ይኖራል። ባንኩ ቆርጦ እኛ ያልመዘገብነው የአገልግሎት ክፍያ ይኖራል። አንዳንዴም የጣት ስሕተት ይኖራል። ሌላው ሰው ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን ይህን ሽምግልና እኔ በ2 ሰዓት እጨርሰው ነበር። አለቆቼም ችሎታዬን አይተው ከዚያ ሥራ አንስተው የክፍሉ ኃላፊ አደረጉኝ። ጎበዝ ዋናተኛ ነው ብሎ ከውኃ እንደማውጣት ያለ ሽልማት ነው።

በማግስቱ፣ እስከ ትናንት «አንተ» ስትለኝ የነበረች ባልደረባዬ «እርስዎ» አለችኝ። ደነገጥኩ፤ ትንሽም ደስ አለኝ። የማስታረቁን ሥራ ለእሷ ሰጠሁ። ሰጠሁ ስል በአፌ ነው፤ እጄ አልሰማም።

የመጀመሪያውን ወር ሠርታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች። ገለጥ ሳደርገው ከቼኮቹ ጀምራለች። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከገቢው ነው። ቁጥሩ ልክ ነበር፤ ግን ልክ የሆነው እኔ ባላወቅሁት መንገድ ስለነበር ስሕተት መሰለኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ከገቢው ጀምሬ እንደገና ሠራሁት። ያው ቁጥር ወጣ። በድል አድራጊነት ስሜት ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሁለተኛው ወር ጥቂት መስመሮች ሳይሞሉ መጡ፤ ሞላኋቸው። በሦስተኛው ወር ግማሹ ባዶ ነበር። በአራተኛው የቀረበልኝ የባንኩ መግለጫ፣ የመዝገቡ ቅጂና «ለእርስዎ እይታ» የሚል ብጣሽ ወረቀት ነው። «የዛሬ ልጆች ሥራ አይወዱም» አልኩ፤ ልጅቷ በዕድሜ የምታንሰኝ በ2 ዓመት ብቻ መሆኑ ትዝ ያለኝ ኋላ ነው። አሁን ሳስበው ግን በእሷ ቦታ ሆኜ እኔስ ለምን እለፋ ነበር? የታጠበ ልብስ ሁሉ ማታ ዳግመኛ የሚታጠብ ከሆነ ማን አጥብቆ ያሻል? ስንፍናውን በየማታው እያጠጣ ያሳደገው የእኔ ትጋት ነበር።

ጉዱ የወጣው በኦዲተሩ ነው። በማስታረቂያው ቅጽ ግርጌ ሁለት የፊርማ ቦታዎች አሉ፦ «ያዘጋጀው» እና «ያረጋገጠው»። ኦዲተሩ «ያዘጋጀው» በሚለው ላይ የፈረመችውን ባልደረባዬን ጠርቶ ስለ አንድ መስመር ጠየቃት። መስመሩን እንደ እንግዳ ሰው አየችው። «ይህን እሳቸው ናቸው የሠሩት» አለች። ኦዲተሩ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። «ታዲያ እርስዎ ያረጋገጡት የማንን ሥራ ነው?» መልስ አልነበረኝም። ሁለት ፊርማ የሚጠየቀው አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲያይ ነው። በእኛ ቅጽ ላይ ሁለት ፊርማ ነበር፤ ሰውየው ግን አንድ።

ከዚያ በኋላ ከባልደረባዬ ጋር ተቀመጥን። ከቼክ ትጀምር ከገቢ የእሷ ጉዳይ እንዲሆን ተስማማሁ፤ ይህን ስል ድምፄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። የእኔ ጉዳይ መጨረሻው ነው፦ በወሩ 5ኛ ቀን ከምሳ በፊት እያንዳንዱ ልዩነት ከነማስረጃው ተብራርቶ፣ ያልተብራራው ዜሮ ሆኖ ይቅረብልኝ። ባንኩን መጠየቅ ካስፈለጋት ራሷ ትደውላለች። መዝገቡ ላይ ማስተካከያ የሚገባው ግን እኔ ስፈርም ነው፤ እሱን አልለቅም፤ ቢበላሽ የምጠየቀው እኔ ነኝ። ደግሞም እስከ 5ኛው ቀን አልጠብቅም፤ በ2ኛው ቀን ለባንኩ ገና ያልቀረቡትን ቼኮች ዝርዝር ብቻ ታሳየኛለች። መሠረቱ ጠሞ ከሆነ ጣሪያው ሳይወጣ መታወቅ አለበት።

የምር ፈተናው የመጣው በ4ኛው ቀን ነው። «180 ልዩነት አለ፣ አላገኘሁትም» ብላ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ።

180 ለ9 ይካፈላል። የሂሳብ ሰው ይህን ሲያይ ምራቁን ይውጣል፤ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም ለ9 ይካፈላልና። ዐይኔ ወረቀቱ ላይ ሮጠ። አገኘሁት፦ ባንኩ የከፈለው ቼክ 5,420፣ መዝገባችን ላይ 5,240። ጣቴ ተነሣ። በሌላው እጄ ያዝኩትና «እስካሁን ምን ምን አየሽ?» አልኳት። ቼኮቹን በቁጥራቸው አመሳክራለች፤ መጠናቸውን ግን አንድ በአንድ አላየችም። ይህን ለእኔ ስትናገር የራሷ ጆሮ ሰማው። «መጠናቸውን አላየሁም ለካ» ብላ ወረቀቱን ይዛ ወጣች። ከ20 ደቂቃ በኋላ ከወንበሯ «አገኘሁት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። እነዚያን 20 ደቂቃዎች እንዴት እንዳሳለፍኳቸው እኔና የቢሮዬ ግድግዳ እናውቃለን።

በሚቀጥለው ወር ግን ተሸነፍኩ። ልዩነቱ 45 ነበር። እሱም ለ9 ይካፈላል! ሳትጠይቀኝ «አሃዝ ተገላብጦ ነው፣ ፈልጊው!» ብዬ ከበር ላይ ጮኽኩ። አለቃ ተናግሮ ማን ይቀመጣል? የወሩን ቼክ ሁሉ ሁለት ጊዜ አገላብጣ ግማሽ ቀን ፈጀች። የተገላበጠ አሃዝ አልነበረም፤ ባንኩ የቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ነበር። የተገላበጠ አሃዝ ሁሉ ለ9 የሚካፈል ልዩነት ይሰጣል እንጂ ለ9 የሚካፈል ሁሉ የተገላበጠ አይደለም። ይህን ለስንቱ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። «መጀመሪያ የጠረጠርኩት ክፍያውን ነበር፤ እርስዎ ሲሉኝ ተውኩት» አለችኝ በትሕትና። ከትሕትናው ይልቅ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሂሳብ ነውና ሂሳቡን ሠራሁት። በአዲሱ አሠራር የመጀመሪያው ወር ማስረዳቱና ማየቱ 2 ሰዓት ተኩል ወሰደብኝ፤ ራሴ ብሠራው 2 ሰዓት ነበር። «ራሴ ብሠራው ይፈጥናል» የሚለው የአለቆች ሁሉ ጸሎት በዚያ ወር እውነት ነበር። በሁለተኛው ወር 1 ሰዓት ብቻ ሰጠሁት፤ ድምሩ 3 ሰዓት ተኩል፣ ራሴ ብሠራው ኖሮ 4። ግማሽ ሰዓት አተረፍኩ። ባልደረባዬ በጩኸቴ ያጣችው ግማሽ ቀን ግን በዚህ ስሌት ውስጥ የለም፤ ትርፌን ላለማበላሸት ነው የተውኩት።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ዕረፍት ወጣሁ። የወሩ 5ኛ ቀን ደረሰ፤ ማንም አልደወለም። ስልኬን አጥፍቼ አበራሁት። በመጨረሻ ራሴ ደወልኩ።

«ማስታረቁ እንዴት ሆነ?»

«ትናንት ጨርሻለሁ። ምክትሉም አይተው ፈርመዋል።»

«ልዩነት አልነበረም?»

«ነበር፤ ተገኝቷል።»

«ስንት ነበር?»

ትንሽ ዝም አለች። «ዕረፍትዎን አያበላሹ» አለችኝ።

«ለ9 ይካፈላል ወይ ብቻ ንገሪኝ።»