እንኳን ደስ ያለህ፣ ረዘምክ!

ባለፈው ሳምንት ጎንደር ፒያሳ ጋበዝኩ። ፈልጌ አይደለም። ደመወዜ ተጨመረ፤ ደመወዙ ተጨምሮለት ያልጋበዘ ሰው ደግሞ መሥሪያ ቤት ውስጥ ምን ስም እንደሚወጣለት ታውቃላችሁ። አራት ሆነን ጥብስ በላን፣ ቢራ ጠጣን። ሂሳቡ 1,340 ብር መጣ። "20 በመቶ እኮ ነው ጓዴ!" አለኝ አንዱ ባልደረባዬ፣ አፉን በሶፍት እየጠረገ። ሌላ ዙር ሊያዝዝ መሆኑ ነው።

እውነት ለመናገር ይህን ልማዳችንን አደንቃለሁ። ጭማሪ ሲመጣ አሮጌውን ከአዲሱ ቀንሰን፣ በመቶኛ አስልተን፣ እልል እንላለን። ዋጋ የሚባለውን እንግዳ ግን ወደ ድግሱ አንጠራውም። ምን ሊሠራ ይመጣል? ደስታ ያበላሻል እንጂ።

ቅዳሜ ገበያ አንድ ልብስ ሰፊ አለ እንበል። ሜትሩ አሮጌ ነው፤ በየዓመቱ ይኮማተራል። ዘንድሮ አንዱ ሴንቲ ሜትር በጣም ከማጠሩ የተነሳ፣ አምና 100 ያለው ጨርቅ አሁን 120 ይለዋል። አምና 170 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የተለካ ጎልማሳ ዘንድሮ ሱሪ ሊያሰፋ ይመጣል። ይለካል። 198! ገበያው ይደበላለቃል። እናቱ ጠላ ይጠምቃሉ። ዘመድ ከአዘዞ ድረስ ይመጣል። "ረዘመ፣ እንኳን ደስ አላችሁ!" የበሩ ጉበን ጎንበስ እንዳያስብለው ተብሎ ይነሳል። አልጋው ይቀጠላል። አክስቱ "ኳስ ተጫዋች አድርጉት፣ በረኛ ይሆናል" ይላሉ። ሰፈሩ ውስጥ አምፖል ሲቃጠል እሱ ይጠራል፤ እጁን ይሰነዝራል፣ አይደርስም፤ "ጣሪያው ነው ከፍ ያለው" ይባላል። የቤቱ ባለቤት ጣሪያ ከፍ በማድረጉ ይወቀሳል። ልጁም ሱሪውን ለብሶ ሲወጣ ልክክ ብሎለታል፤ በዚያው ሜትር ነዋ የተሰፋው። አንድ ነገር ብቻ ያስቸግራል። በአምናው ሜትር ቢለካ 165 ነው። አምስት ሴንቲ አጥሯል። ይህን የሚናገር ሰው ግን ጠላውን አይቀምስም።

ያ ጎልማሳ እኔ ነኝ። ደመወዜ 10,000 ብር ነበር፣ 12,000 ሆነ። 20 በመቶ መሆኑ እውነት ነው፣ ወረቀት ላይ። ከ10,000 ብር በላይ ያለው ግን 30 በመቶ ግብር ይቆረጥበታል፣ 7 በመቶ ደግሞ ለጡረታ ይሄዳል። ስለዚህ ከተጨመረው 2,000 ብር ኪሴ የደረሰው 1,260 ነው። አምና እጄ ላይ የሚገባው 7,650 ነበር፣ አሁን 8,910 ነው። ይህ 16 ነጥብ 5 በመቶ ገደማ ነው። 20ው ሳይደርስልኝ መንገድ ላይ ቀረ፤ ድግሱ ግን በ20ው ተደገሰ።

ዋጋውስ? እኔ ላጤ ነኝ፣ የማወጣው በሦስት መስመር ያልቃል። ማራኪ ሰፈር የምኖርባት አንድ ክፍል ቤት 2,500 ብር ነበረች። አከራዬ አንድ ማታ ጠሩኝ። "ልጄ፣ ተጨመረላችሁ ሲሉ ሰማሁ፤ እግዜር ይመስገን" አሉኝ። መረቁኝም። ከምርቃቱ በኋላ 3,300 አደረጉት። ጤፉ፣ ሽሮው፣ ዘይቱ፣ ሽንኩርቱ አምና 4,000 ብር ይፈጁ ነበር፣ አሁን ያንኑ ያህል ስገዛ 4,600 ይወጣል። ባጃጅ፣ ሳሙናና ሌላው ጥቃቅን ከ1,150 ወደ 1,280 ሄደ። ደምሩት። አምና በ7,650 ብር የኖርኩት ኑሮ ዘንድሮ 9,180 ብር ይጠይቃል። የእኔ ግሽበት ልክ 20 በመቶ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ የተማሩት ብድግ ይላሉ። እነሱንም አደንቃለሁ። "20 ተጨመረ፣ 20 ተወደደ፣ ዜሮ፤ ባለህበት ነህ" ይላሉ። መቀነስ ቀላል ነው፣ አራተኛ ክፍል እናውቀዋለን። መጀመሪያ ነገር ኪሴ የደረሰው 16 ነጥብ 5 እንጂ 20 አይደለም። ሁለተኛ ነገሩ መቀነስ ሳይሆን ማካፈል ነው፤ በተኮማተረው ሜትር የተለካውን ወደ አምናው ሜትር መመለስ ነው። 8,910ን ለ1.2 ስታካፍሉት 7,425 ይመጣል። አሁን የማገኘው ገንዘብ በአምና ዋጋ 7,425 ብር ነው። አምና ግን 7,650 ነበረኝ። 225 ብር አጥሬያለሁ፤ ወደ 3 በመቶ። ተጨምሮልኝ። መቀነሱ በትንሽ ቁጥር ብዙም አያሳስትም፤ ቁጥሩ ሲያድግ ግን ያሳስታል። ደመወዝ 50 በመቶ ጨምሮ ዋጋ 40 በመቶ ቢጨምር በመቀነስ 10 አተረፍን ትላላችሁ፤ በማካፈል ግን 7 ነው።

ሬዲዮ የሚያዳምጡም አሉ። "ግሽበት እየቀነሰ ነው ተብሏል እኮ" ይላሉ፣ ሽንኩርት ነገ የሚረክስ ይመስል። ግሽበት ከ20 ወደ 15 ወረደ ማለት ዋጋው የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው፤ ዋጋው ራሱ መውጣቱን አልተወም። የሚነገረው ቁጥርም የአገር አማካይ ነው። የእኔን አከራይ አያውቃቸውም።

ጽዳት የምትሠራ አንዲት እናት አለች መሥሪያ ቤታችን። ሦስት ዓመት አልተጨመረላትም ነበር። አሁን እሷም 20 በመቶ አገኘች። ዋጋ በየዓመቱ 20 በመቶ ሄደ ብንል እንኳ፣ አንዱ ዓመት በሌላው ላይ እየተደራረበ ከሦስት ዓመት በፊት 100 ብር የነበረው ዕቃ ወደ 173 ብር ይደርሳል። እሷ 120 ይዛ ነው የምትሄደው። ያኔ ትገዛው ከነበረው 30 በመቶ በላይ ጠፍቷል። የምታገኘውም ከሞላ ጎደል ወደ ምግብ ነው የሚሄደው፤ ዘይት በሲኒ ነው የምትገዛው። እሷን ስብሰባ ላይ አስነስቶ "አመስግኚ እንጂ" ማለት ነውር ነው። ነውር! ደመወዝሽን ቆረጥን ለማለት የሚያፍር አለቃ፣ ገበያው ሲቆርጥለት ጭብጨባ ይጠብቃል። እሷም ተነስታ አመሰገነች። እኛም አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ።

ወደ ፒያሳ ልመለስ። ሂሳቡ ሲመጣ ዓይኔ የምግብ ዝርዝሩ ላይ አረፈ። የጥብሱ ዋጋ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል። በጥፍሬ ጫፉን ፋቅ ፋቅ አደረግሁት። ከሥሩ ሌላ ወረቀት፣ ከዚያም ሥር ሌላ። አስተናጋጁ መጥቶ "ወንድም፣ አትላጠው፣ ነገም ይለጠፍበታል" አለኝ። 1,340 ከፈልኩ። የመጀመሪያው ወር ጭማሪዬ 1,260 ስለሆነ 80ውን ከድሮው ደመወዜ ጨመርኩበት።

ትናንት ደግሞ አንዱ ከአብሮ በላዎቹ እድገት አገኘ። ዜናውን በስልክ ሲሰማ አጠገቡ ነበርኩ። ምን ያህል እንደተጨመረለት፣ ኪሱ የሚደርሰው ስንት እንደሆነ፣ መጨረሻ የተጨመረለት መቼ እንደነበር አልጠየቅሁትም። ቀድሜ ጮህኩ፦

"ጋብዘን!"