ካንድሉ ገና አልተዘጋም ማለት ስድብ ነው እንዴ?

በጣም ነው የተናደድኩት። ስልኬን ግድግዳ ላይ ልወረውረው ነበር፣ የአዲስ ስልክ ዋጋ ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ያንን የኮይን ግሩፕ ታውቁታላችሁ። ግማሻችሁ አላችሁበት፣ አትደብቁኝ። «ቲቸር» የምንለው ሰውዬ ዛሬም ሶላና የምትባለዋን ኮይን የአራት ሰዓት ቻርት ፎቶ አንስቶ ለጠፈ። እዚያ ቻርት ላይ እያንዳንዱ ካንድል የአራት ሰዓት የዋጋ እንቅስቃሴ የሚያሳይ አንድ ምልክት ነው። ከላይ ሚጢጢ ቦዲ፣ ከታች ረጅም ዊክ። «ሀመር ሠርቷል፣ ገዢዎች ገብተዋል፣ አሁኑኑ ግቡ!» ሮኬቱን ደረደረው። ሰዓቱ ገና 11 ሰዓት ነው።

እኔ ምን አልኩ? በትህትና፣ «ቲቸር፣ ካንድሉ እኮ ገና አልተዘጋም፤ የሚዘጋው ምሽት 1 ሰዓት ላይ ነው» አልኩ። በቃ። አንድ መስመር።

መልሱን እዩልኝ። «ወንድሜ፣ እንዲህ ካወቅህ የራስህን ግሩፕ ክፈት። ፈሪ ሰው ኮይን አይነግድም፣ ሽንኩርት ይነግድ።» ከስሩ የሳቅ ስቲከር ዘነበ። ዋሌቱ አልከፈት ሲለው ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ሳግዘው ያደርኩት ልጅ እንኳ ደርቦ ደርቦ ላከ። አይቼሃለሁ።

ደግሞ ሽንኩርት ነጋዴ ምን አደረገው? ሽንኩርት ነጋዴ እኮ ሚዛኑ ሳይረጋ ሂሳብ አይጠራም!

እሺ፣ ግሩፑ ውስጥ ስላላስጨረሱኝ እዚህ ልጨርሰው። ለማንበብ እንዲቀል ዋጋዎቹን ወደ ሙሉ ቁጥር አስጠግቻቸዋለሁ። ካንድሉ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ 150 ዶላር ላይ ተከፈተ። ለአፍታ 151 ነካ። ከዚያ እስከ 142 ወረደ። 11 ሰዓት ላይ፣ ቲቸር ፎቶውን ሲያነሳ፣ ዋጋው 149 ነበር።

ቦዲ ማለት ከመክፈቻው ዋጋ እስከ መዝጊያው ያለው ወፍራሙ ክፍል ነው። ዊክ ደግሞ ዋጋው ደርሶበት ያልቆየበት ቦታ ነው። ፎቶው ላይ ቦዲው ከ150 እስከ 149፣ አንድ ዶላር ብቻ ነው። የታችኛው ዊክ ከ149 እስከ 142፣ ሰባት ዶላር። እንዲህ ካየኸው ሻጮች ወደታች ደፈጠጡት፣ ገዢዎች ደግሞ የወረደውን ከሞላ ጎደል መልሰው ወሰዱት ማለት ነው። ሰውዬው ቅርጹን ማንበብ አላቃተውም። ይሄን አልክድም።

ግን 149 መዝጊያ አይደለም! በዚያች ደቂቃ ያለ ዋጋ ነው። ካንድሉ እስኪዘጋ ድረስ አንዱ የቦዲው ጫፍ ከዋጋው ጋር ይወርዳል፣ ይወጣል። መክፈቻው ብቻ ነው የማይነቃነቀው። ሁለት ሰዓት የቀረውን ካንድል ፎቶ አንስተህ «ሀመር» ትለዋለህ?

1 ሰዓት ላይ ዋጋው ስንት ነበር? 143 ተኩል። መክፈቻው ያው 150፣ ጫፉ ያው 151፣ ወለሉ ያው 142። የተቀየረው መዝጊያው ብቻ ነው። ከመክፈቻው በታች ስለተዘጋ ቦዲው ስድስት ዶላር ተኩል የሆነ ወፍራም ቀይ ሆነ። ሰባት ዶላር የነበረው የታችኛው ዊክ አንድ ተኩል ቀረ። ገዢዎቹ ገብተው ነበር፣ እውነት ነው። ከዚያ ተሸነፉ። በ149 የገቡት የግሩፑ ልጆችም አብረው።

ልክ ሊዘጋ ሲል ደግሞ መብራት ጠፋ። በዳታ ነው ያየሁት። የዳታውን ነገር ባላነሳው ይሻላል።

እኔ የካንድል ስም አላሳድድም። ከተዘጋ በኋላ ከወለሉ እስከ ጫፉ ያለውን እለካና መዝጊያው የት ጋ እንደወደቀ አያለሁ። ወደ ጫፉ ከተጠጋ ገዢዎች እስከ መጨረሻው ይዘውታል። ወደ ወለሉ ከተጠጋ ሻጮች። መሀል ከሆነ ማንም አላሸነፈም፣ ዝም ብዬ ሻዬን እጠጣለሁ። የዛሬው ስፋቱ ዘጠኝ ዶላር ነው፤ የተዘጋው ከወለሉ አንድ ተኩል ብቻ ከፍ ብሎ ነው። ታዲያ ይሄ የገዢ ጉልበት ነው?

ቀለሙንም ተዉት። ባለፈው ሳምንት «አረንጓዴ ነው፣ አረንጓዴ ነው» እያሉ ሲጨፍሩ ምን ነበር? ከ150 ተነስቶ 158 ወጥቶ 151 ላይ የተዘጋ ካንድል ነበር። አረንጓዴ ነው፣ አዎ። ግን ካገኘው ስምንት ዶላር ሰባቱን መልሷል። ያ ረጅም የላይ ዊክ ሻጮች ከላይ ሲጠብቁ እንደነበር ነው የሚናገረው። ያኔ ዝም አልኩ። ዛሬ ነው የፈነዳሁት።

ሌላው የሚያቃጥለኝ «ገዢ ከሻጭ በዛ» የሚሉት ነገር ነው። እያንዳንዱ የተገዛ ኮይን የሸጠው ሰው አለ! ዋጋውን የሚገፋው የቸኮለው ወገን ነው። ሻጩ የጠየቀውን ዋጋ ተቀብሎ የሚገዛ ሲበዛ ይወጣል፣ ገዢው የሰጠውን ተቀብሎ የሚሸጥ ሲበዛ ይወርዳል። ስለዚህ ተሰልፈው የሚጠብቁ ትዕዛዞች ከሳሱ አንድ ትልቅ ሽያጭ ብቻውን ረጅም ዊክ ይስላል። ጥቅምት 2021 በፈረንጆቹ፣ Binance.US የሚባለው የኮይን መገበያያ ላይ ቢትኮይን ለአፍታ ወደ 8,200 ዶላር ወረደ። በዚያው ሰዓት ሌላው ገበያ ላይ ከ60,000 በላይ ነበር። ምክንያቱ የአንድ ትልቅ ነጋዴ የተበላሸ ፕሮግራም ነው ተባለ። ያንን ዊክ አይቶ «የገዢ ጉልበት!» የሚል ሰው አይጠፋም፣ እኛ ግሩፕ ውስጥማ በእርግጠኝነት። የሌላ መገበያያ ቻርት ከፍቶ ማስተያየት ስንት ሰከንድ ይፈጃል?

እውነተኛ ዊክ ሲሆንም የሚናገረው የዚያን ጊዜ ፍልሚያ ብቻ ነው። ግንቦት 19፣ 2021ን አስታውሱ። ቢትኮይን ቀኑን 43,000 አካባቢ ጀመረ፣ 30,000 ድረስ ወረደ፣ 37,000 አካባቢ ተዘጋ። የታችኛው ዊክ ከቦዲው ይበልጣል። ገዢዎች በርግጥም ተረባርበው ነበር፤ በማግስቱም ከ40,000 በላይ ደረሰ። ግን ሰኔ 22 ላይ ከ29,000 በታች ወርዶ ታየ። ዊኩ አልዋሸም፣ የሚቀጥለውን ወር ማንም አልጠየቀውም።

ይሄን ሁሉ ግሩፑ ውስጥ ብጽፍ «ረዘመ» ይሉኛል። እናንተም እያላችሁ ይሆናል።

አሁን ገባሁ፣ የሀመሩ ፎቶ ተሰርዟል። የእኔም መስመር አብራ ተሰርዛለች። የሽንኩርቷ መልስ ግን አለች፣ አልነኳትም! ከሱ በታች ቲቸር አዲስ ፎቶ ለጥፏል፣ «ዴይሊው ተገልብጧል» ይላል። ዴይሊው ማለት የሙሉ ቀኑ ካንድል ነው፤ የሚዘጋው በዩቲሲ እኩለ ሌሊት፣ በኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አሁን ማታ 3 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ይቀረዋል!

ልጽፍ ጀመርኩና አጠፋሁት። የወሩን ክፍያ አስቀድሜ ከፍያለሁ፣ ካባረረኝ የሚመልስልኝ የለም።