የእንቁላል ሳንዱች እስከ ምሳ ሰዓት ይቆያል?

ጥያቄው

«የምንኖረው አዳማ ነው። ልጄ 2ኛ ክፍል ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እንቁላል ፍርፍር ሠርቼ በዳቦ አድርጌ ምሳ ዕቃው ውስጥ እከትለታለሁ። አንዳንዴ በእንቁላሉ ፈንታ ሥጋ ጥብስ ይሆናል። የሚበላው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በረዶ አላደርግለትም፤ ትምህርት ቤቱም ፍሪጅ የለውም። ይበላሽበታል ወይስ በከንቱ ነው የምፈራው?»

አይቆይም፦ የምግብ ንጽህና ባለሙያ

እህቴ፣ ሰዓቱን አብረን እንቁጠር። ልጅሽ ከቤት የሚወጣበትን ሳይሆን ምግቡ ከእሳት የወረደበትን ያዢ። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ድፍን ስድስት ሰዓት ነው። የበሰለ እንቁላልና ሥጋ ከፍሪጅ ውጭ እንዲቆይ የሚመከረው ሁለት ሰዓት ነው። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ አንድ ሰዓት ብቻ። አዳማ በበጋው መጨረሻ ቀትር ላይ 30 ዲግሪ መድረስ ብርቅ አይደለም። ፀሐይ በሚያገኘው መስኮት ሥር የተቀመጠ ቦርሳ ውስጡ ከዚያም ይብሳል።

«በደንብ አብስዬዋለሁ እኮ» ትዪኝ ይሆናል። ጎበዝ፣ ግን እኔን የሚያሳስበኝ ከተበሰለ በኋላ ያለው ነው። ዳቦውን የሚሰነጥቀው፣ እንቁላሉን የሚያስተካክለው እጅ ነው። ስታፊሎኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ በብዙ ጤነኛ ሰው አፍንጫና ቆዳ ላይ ይኖራል። ጣት ላይ ቁስል ካለ ይብሳል። ከእጅ ወደ እንቁላሉ ያልፋል፣ ለብ ባለው ምሳ ዕቃ ውስጥ ይራባል፣ ከዚያ መርዝ ያመርታል። መርዙ አይሸትም፣ ጣዕምም አይቀይርም።

ይቆያል፦ የጋራዥ ሠራተኛ፣ የሦስት ልጆች አባት

እኔ ከልምዴ ነው የምናገረው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሥጋ ሳንዱች ይዤ ሥራ ሄጃለሁ። ጋራዡ ቆርቆሮ ነው፣ ቀትር ላይ ይጋገራል። አንድ ቀን አሞኝ አያውቅም። ሚስጥሩ ማዮኔዝ አለማድረግ ነው። የሚያበላሸው እሱ ነው። ጥብሱ ደረቅ ይሁን፣ በደንብ ቀዝቅዞ ይታሸግ፣ ቲማቲም አይግባበት። ሲከፈት ማሽተት ነው፤ ከሸተተ ይጣላል። ከተጠራጠርኩም ጓደኛዬ ሱቅ ማይክሮዌቭ አለ፣ እዚያ አሞቀዋለሁ።

ደግሞ ሁለት ሰዓት የሚሉት እንዴት ነው የሚሆነው? በሁለት ሰዓት ውስጥ ልጅ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ እንኳን አይጨርስም። እናት ሁሉ ምሳ ይዛ ትምህርት ቤት ትሂድ?

ባለሙያዋ

ወንድሜ፣ አንዱን ነገር በትክክል ይዘውታል። ትኩስ ሳንዱች ተከድኖ ሲታሸግ ያልበዋል። ላቡ ዳቦውን ያረጥበዋል፣ እርጥበቱና ለብታው ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቸዋል። ቀዝቅዞ ይታሸግ ያሉት ልክ ነው። ግን ጠረጴዛ ላይ የቀዘቀዘበት ጊዜም ከሰዓቱ ይቆጠራል።

ማዮኔዙን ግን በከንቱ ነው የወቀሱት። የሱቁ ማዮኔዝ ኮምጣጤ ስላለበት ባክቴሪያ ቶሎ አይራባበትም። በጥሬ እንቁላል ቤት ውስጥ የተመታው ሌላ ጉዳይ ነው። ከሱቅ በመጣው ላይ ግን ዋናው ተጠያቂ አብሮት የገባው እንቁላል ወይም ሥጋ ነው።

ማሞቁም አያድንም። ማሞቅ ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ቀድሞ የተሠራውን የስታፊሎኮከስ መርዝ ግን አያጠፋም። ያ መርዝ መፍላትንም ይቋቋማል። ስለዚህ ማይክሮዌቩ የሚሰጥዎት ትኩስ ምግብ ነው እንጂ አዲስ ምግብ አይደለም።

አባትየው

እሺ፣ ማዮኔዙን ልተወው። ግን የዘጠኝ ዓመት ልምድ እንዲሁ አይጣልም። ምግብ ሁሉ በሁለት ሰዓት መርዝ ቢሆን ጋራዡ ሁሉ ሆስፒታል ይገባ ነበር። በሌሎች አገሮች እስከ አራት ሰዓት ይፈቀዳል ሲባልም ሰምቻለሁ።

አንድ ነገር ልናገር። ትንሿ ልጄ ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እያስመለሳት መጣች። 9 ሰዓት ገደማ ነበር። እኛ ያማረርነው የትምህርት ቤቱን ውሃ ነው። በዚያ ቀን የያዘችው እንቁላል በዳቦ ነበር።

ባለሙያዋ

ምሳዋን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ከበላች፣ ማስመለሱ የመጣው ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ስታፊሎኮከስ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ውስጥ በድንገት ያስመልሳል። ይገጥማል። ግን ከዚህ ሆኜ እንቁላሉ ነው አልልዎትም። ሌላም ሊሆን ይችላል። ውሃው ነው ብሎ መደምደምም ያው ነው። ሳልሞኔላ የሚባለው ሌላ ባክቴሪያ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ሰዓትም ከዚያ በላይም፣ አንዳንዴ ቀናት ይፈጅ ነበር። ስለዚህ ልጅ ስታስመልስ የመጨረሻ የበላችውን ብቻ ሳይሆን የትናንቱንም መጠየቅ ነው።

አራት ሰዓት ያሉትም እውነት አለው። እንግሊዝ ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ ቀዝቃዛ ምግብ አንድ ጊዜ ብቻ እስከ አራት ሰዓት ከማቀዝቀዣ ውጭ እንዲቆይ ይፈቀዳል። ግን ያ ምግብ የሚወጣው ቀዝቃዛ ሆኖ ነው። የእርስዎ ከምጣድ ነው የሚነሳው። ደግሞ ስድስት ሰዓት ከአራቱም ያልፋል። ጤነኛ ጎልማሳ ብዙ ጊዜ ሳይታመም ሊያልፍ ይችላል። የሰባት ዓመት ልጅ ላይ ግን በዚያ አልወራረድም።

አባትየው

ታዲያ ምን ታድርግ? ፍሪጅ ቢኖራትም መብራት ይጠፋል።

ባለሙያዋ

መብራት ካለ እንዲህ ታድርግ። እንቁላሉን ማታ ትሥራው፣ አስኳሉም ነጩም እስኪረጋ። ሳህን ላይ ሳሳ አድርጋ ትዘርጋውና እንፋሎቱ እንደበረደ ፍሪጅ ታስገባው። ጠዋት ዳቦው ውስጥ ቀዝቃዛውን ትክተተው፣ በእጇ ሳይሆን በማንኪያ። ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ማታ ፍሪዘር ውስጥ ታስቀምጥ። ውሃውን እስከ አፉ አትሙላው፣ በረዶ ሲሆን ጠርሙሱ ይሰነጠቃል። ጠዋት ከምሳ ዕቃው ጋር አጣብቃ በወፍራም ፎጣ ትጠቅልላቸው። መሥራቱን ከልጁ ትጠይቅ። ምሳ ላይ ጠርሙሱ ውስጥ በረዶ ካለና ምሳ ዕቃው ሲነካ ከቀዘቀዘ ሠርቷል። በረዶው ቀልጦ ውሃው ለብ ካለ አልሠራም፤ በሚቀጥለው ቀን ትልቅ ጠርሙስ ያስፈልጋል።

መብራት ከጠፋ ግን ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው የምመክረው። እንቁላሉን ጠዋት ትሥራ፣ ልጁ በ4 ሰዓት እረፍት ይብላው። ያኔ ከእሳት ከወረደ ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆነዋል። ከሁለቱ ያልፋልና ደስ አይለኝም፣ ከስድስቱ ግን በብዙ ይሻላል። ለምሳው የማይበላሸው ይቆየው፤ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ሙዝ፣ ቆሎ።

አባትየው

በ4 ሰዓቱ እስማማለሁ። ልጆች እንደሁ በእረፍት ነው የሚርባቸው። የራሴን ደረቅ ጥብስ ግን አልተውም። በደንብ አድርቄ ነው የምይዘው፣ እርጥብ እንቁላል አይደለም።

ባለሙያዋ

ደረቅ ማለት እንደ ቋንጣ የደረቀ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ቋንጣ ለዚያ ነው የሚቆየው። ጥብስ ግን ውጩ ቢደርቅም ውስጡ እርጥብ ነው። ነገ ቀትር ላይ አንዷን ቁራጭ በሁለት ይቁረጧት። ውስጧ ላይ ጣትዎን ያሳርፉና ይንገሩኝ።