ምዕራፍ ሁለትን በአሥር ደቂቃ ለጻፉልን

በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሐውልት ሊቆምላቸው ሲገባ እስካሁን ያልቆመላቸው አንድ ታላቅ ሰው አሉ፤ የግሩፑ ለጣፊ። አሳይመንቱ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ይገባል ተብሏል። ለጣፊያችን ለሁለት ሳምንት «እየሠራሁት ነው» ሲሉ ቆይተው፣ እሑድ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ «የኔ ክፍል ይኸው» ብለው አራት ገጽ ጣል ያደርጋሉ። የቀሩት አራት ባልደረቦችም የሚገባቸውን ክብር አይነፍጓቸውም። የአውራ ጣት ምልክት ይልካሉ፣ ወደ መኝታቸው ይሄዳሉ። ማንም አያነበውም፤ የሰው ጽሑፍ ማንበብ እኮ ሰውን አለማመን ነው።

ሥራው የኢትዮጵያ ቡና ወጪ ንግድ ላይ ነው እንበል፤ አምስት ሰው፣ አምስት ምዕራፍ፣ ሃያ ገጽ። ለጣፊያችን የደረሳቸው ምዕራፍ ሁለት፣ ማለትም የቀደሙ ጽሑፎች ቅኝት ነው። ሌላው ሰው ስድስት ሰባት ጽሑፍ አንብቦ፣ የቱ ከየቱ እንደሚስማማና እንደሚጣላ ለይቶ የሚጽፈውን እሳቸው ከአንድ የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ በአሥር ደቂቃ ጨርሰውታል። ቅልጥፍና ማለት ይህ ነው።

ምዕራፎቹን አንድ ላይ የሚያገጣጥመው አምስተኛው ልጅ ግን ክፉ ዓይን አለው። ገጹን እንደከፈተ መስመሮቹ ግማሽ ላይ እየተቆረጡ ወደ ታች ሲወርዱ ያያል። ከፒዲኤፍ የተገለበጠ ጽሑፍ የመስመር መጨረሻውን ይዞ ስለሚመጣ ነው እንጂ ለጣፊያችን ግጥም ሊጽፉ አስበው አይደለም። ትንሽ ዝቅ ሲል [14] የሚል ቁጥር ያገኛል፤ የግሩፑ የማጣቀሻ ዝርዝር ግን ሰባት ላይ ያልቃል። «በሥዕል 4.2 እንደተመለከተው» ይላል፤ ሥዕል የሚባል ነገር የለም። «ይህ ጥናት በተካሄደባቸው ሦስት ወረዳዎች» ይላል፤ ግሩፑ ከግቢው ካፌ አልፎ ወረዳ አልረገጠም። ከሁሉም የሚጥመው «በቅርቡ የተቋቋመው የምርት ገበያ» የሚለው ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው። ለጣፊያችን ጊዜን ማቆም የቻሉ የመጀመሪያው ተመራማሪ ናቸው።

ጥንቁቅ የሆኑት ለጣፊዎች በ Ctrl+Shift+V ይለጥፋሉ። ይህ የፊደሉን ዓይነትና መጠን፣ ሰማያዊውን ሊንክና ግራጫውን ጀርባ አውልቆ ጽሑፉን የግሩፑን ልብስ ያለብሰዋል። ድምፁን ግን አይለውጥም። በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ የከረመ ግሩፕ ድንገት ገጽ ስድስት ላይ የአርባ ቃል ዓረፍተ ነገር ሲያወጣ፣ ገጽ አሥር ላይ ደግሞ ወደ አጭሩ ሲመለስ መምህሩ በመካከሉ ማን እንደተናገረ መጠየቁ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥገና ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። አብዛኛው ግሩፕ የሚያውቀው ጥገና ቃል በቃል መተካት ነው። «ባክቦን ኦፍ ዚ ኢኮኖሚ» የሚለው ሐረግ «ስፓይናል ኮርድ ኦፍ ዚ ኢኮኖሚ» ይሆንና ቡና የሕክምና ትምህርት ክፍል ይገባል። የዓረፍተ ነገሩ አጥንት፣ የሐሳቡ ቅደም ተከተልና ምሳሌዎቹ የሌላ ሰው እንደሆኑ ይቀራሉ፤ ያም ያው ቅጂ ነው፣ ያውም መደበቅ የተሞከረበት። ቀጥሎ ቁጥር ማሳደድ ይመጣል። የማመሳሰያ ሶፍትዌሩ 22 በመቶ አለ፣ ከ15 በታች ይውረድ ይባላል። ቁጥሩ የሚናገረው ግን ከሌላ ጽሑፍ ጋር የተመሳሰለው ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው። በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ የገባና ምንጩ የተነገረ ጥቅስ፣ የማጣቀሻ ዝርዝሩና የሽፋን ገጹም ሊቆጠሩበት ስለሚችሉ 30 በመቶ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። 6 በመቶ ደግሞ ከአንድ ቦታ እንዳለ የተነሣ አንድ ሙሉ ገጽ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን ትቶ ሶፍትዌሩ ቀለም የቀባውን ገጽ ማየት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ማየት ማንበብ ይፈልጋል፣ ማንበብ ደግሞ ከላይ እንደተባለው ነውር ነው።

ጉዱ ሲወጣ የኃላፊነት ክፍፍሉን በተመለከተ ሁለት የተከበሩ ልማዶች አሉ። አንደኛው «እኛ አናውቅም፣ እሱ ነው» የሚለው ነው። እስከ ትናንት አንድ ልብ የነበሩት አራት ሰዎች በአንድ ሌሊት ለየብቻ የሚኖሩ ባሕታውያን ይሆናሉ። ሁለተኛው «ሁላችንም ነን» ብሎ ማንም ምን እንዳደረገ ሳይናገር መቆም ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ አይደል? የተሰረቀም ሎሚ ያው ሎሚ ነው።

ፍትሕ የሚወድ ደረቅ ሰው ግን ድርሻውን ይለያል። መገልበጡ የለጣፊው ነው፤ ይህን ማንም አይጋራቸውም። አገጣጣሚው የተቆረጡትን መስመሮች አይቶ አንድ በአንድ እያስተካከለ ከቀጠለ፣ የእሱ ድርሻ አይቶ ማለፉ ነው። የቀሩት ሦስቱ ስማቸው በሽፋኑ ላይ ያለው ለሃያው ገጽ እንጂ ለየራሳቸው አራት ገጽ አይደለም፤ ሳያነቡ ማስረከባቸው የራሳቸው ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ የሁሉም የሆነ አንድ ጥፋት አለ። ሥራው ሲከፋፈል የጽሑፍ መቀበያው ቀንና የማስረከቢያው ቀን አንድ ሆነው ተቀጠሩ። በመካከሉ ሁለት ቀን ቢኖርና አንዱ የሌላውን ምዕራፍ እንዲያነብ ቢመደብ ኖሮ የእሑድ ሌሊቱ ስጦታ ዓርብ ላይ ይገለጥ ነበር።

ማስረጃ ሲፈለግ ሁሉም ወደ ጉግል ዶክስ ይሮጣል፤ File → Version history → See version history። እዚያ ማን ምን ሰዓት ምን እንዳስገባ ይታያል። ደግሞም እውነት ነው፣ በየጊዜው የተጻፈ ምዕራፍ እየተጨመረና እየተሰረዘ ያድጋል፤ የተለጠፈው አራት ገጽ በአንድ ጊዜ ዱብ ይላል። ችግሩ ለጣፊያችን ጽሑፉን የላኩት በቴሌግራም መሆኑ ነው። ወደ ሰነዱ ያስገባው አገጣጣሚው ስለሆነ ታሪኩ ላይ የሚታየው የእሱ ስም ነው! ስለዚህ የቴሌግራሙ መልእክትና ፋይሉ እስከ ሰዓቱ ካልተቀመጠ፣ ሌሊቱን ያልተኛው ልጅ ሌባ ሆኖ ያድራል። ሰው ሁሉ ክፍሉን በራሱ አካውንት ሰነዱ ውስጥ ይጻፍ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ለጣፊያችን ግን የግል ነፃነታቸው ስለሚነካ አይስማሙም።

ሳያስረክቡ የደረሱበት ደስታ ገዳዮች የሚያደርጉት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰነዱን እንዳለ ኮፒ አድርገው ያስቀምጣሉ፣ ማስረጃው በጥገና እንዳይጠፋ። ከየአንቀጹ ከስምንት እስከ አሥር ቃል የሚሆን፣ ማንም ሊለው የማይችል ለየት ያለ ሐረግ ወስደው በትእምርተ ጥቅስ ከተው ይፈልጋሉ። የአንቀጹን መጀመሪያ ብቻ መፈለግ አይበቃም፤ ለጣፊዎች የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር በራሳቸው እጅ መጻፍ ይወዳሉ። በእኛ ምሳሌ አሥራ ሁለት አንቀጽ ነበረ፤ ዘጠኙ ከዚያው መመረቂያ ጽሑፍ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ከዘጠኙ አምስቱ ጭራሽ ለርዕሱ አያስፈልጉም ነበርና ተሰረዙ። አንዱ ትርጓሜ ስለነበረ በትእምርተ ጥቅስ ገብቶ ምንጩና ገጹ ተጻፈለት። ሦስቱ እንደገና መጻፍ ነበረባቸው፤ ምንጩን አንብቦ፣ ዘግቶ፣ በራስ ቃል ጽፎ፣ ከዚያ ከፍቶ ማመሳከር። በራስ ቃል ቢጻፍም ሐሳቡ የሰው ስለሆነ ምንጩ ይጠቀሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ግሩፕ የሚሰናከልበት አንድ ጉድጓድ አለ። መመረቂያ ጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱትን አሥራ አንድ መጻሕፍት ወደ ራስ ዝርዝር መገልበጥ ያጓጓል፤ ዝርዝሩን ያሳምረዋል። ማንም ያላነበበውን መጽሐፍ እንዳነበቡ መጥቀስ ግን ሁለተኛ ቅጂ ነው። ወይ ዋናውን ፈልጎ ማየት፣ ወይም «እገሌ እንዳለው፣ በእገሌ ውስጥ እንደተጠቀሰው» ብሎ ያነበቡትን ብቻ መጥቀስ ነው። መጨረሻ ላይ ምዕራፍ አራትም ይታያል፤ ከተሰረዙት አምስት አንቀጾች በአንዱ ላይ የቆመ ትንታኔ ካለ እሱም አብሮ ይወርዳል።

ከገባ በኋላ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። የተለመደው ጥበብ ዝም ብሎ መጸለይ ነው፤ መምህሩ ስድሳ አሳይመንት አለበት፣ መቼ ሊያነብ! እነዚያ ደረቆች ግን መምህሩ ሳይጠራቸው አምስቱም ሆነው ይሄዳሉ። ይዘውት የሚገቡት ወረቀት ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ «ከገጽ 5 እስከ 8 ያሉ ዘጠኝ አንቀጾች ከዚህ ምንጭ ያለ ጥቅስ የተወሰዱ ናቸው። ክፍሉን ያቀረበው እገሌ ነው። ሌሎቻችን ሳናነብ አስረክበናል። ያስረከብነውን ሥራ ለማንሳትና አርመን ለማቅረብ እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን።» የተወሰዱትን አንቀጾች ከምንጩ ጋር ጎን ለጎን የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይያያዛል። «ጫና ነበረብን» የሚለው ዓረፍተ ነገር የለበትም። መምህሩ ላይፈቅድ ይችላል፣ ማርክ ሊቀንስ ይችላል፣ እንደ ተቋሙ ደንብ ጉዳዩ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ሊሄድ ይችላል፤ ወረቀቱ ይህን አያስቀርም። የሚያደርገው ለጣፊውንና ያላነበቡትን በአንድ ከረጢት እንዳይታሰሩ መለየት ነው። የታረመውን ምዕራፍ ደግሞ የሚጽፉት ለጣፊያችን ራሳቸው ናቸው፤ ሌላው ያነብላቸዋል። ጎበዙ ልጅ ቢጽፍላቸው በሚቀጥለው ሴሚስተርም አሥር ደቂቃ ይበቃቸዋል።

እንደገና ሲያስረክቡ ከሽፋኑ ቀጥሎ ማን ምን እንደሠራና የማንን ክፍል እንዳነበበ የሚገልጽ ትንሽ ሠንጠረዥ ይጨምራሉ። ይህ ክፉ ፈጠራ ነው፤ ስንቱን ያዋርዳል። ምዕራፍ አንድ፣ እገሊት፤ አንባቢ፣ እገሌ። ምዕራፍ ሁለት፣ ለጣፊያችን፤ አንባቢ፣ አገጣጣሚው። እንዲህ እያለ ወርዶ ምዕራፍ አምስት ላይ ሲደርስ፣ ሁልጊዜ «ስሜን ጻፉልኝ» ብለው የሚገቡት የግሩፑ ሌላ ባለውለታ ብዕር ይዘው ይቆማሉ። የሠሩት ሽፋኑን ፕሪንት ማስደረግ ነው። ያነበቡት ደግሞ፣ በእውነቱ፣ ሽፋኑን ነው።