ዋናዬን ሳላገኝማ አልሸጥም

«ሽንኩርቱን በ40 ብር ገዝቼ በ30 እንዴት እሸጣለሁ? ዋናዬ እስኪመለስ ብጠብቅ ምን አለበት?» የባለቤቴ ወንድም በዓብይ ጾም መሀል ከደብረ ብርሃን ጠባሴ ደውሎ የጠየቀኝ ነው።

ያለበትማ፣ ሽንኩርቱ በስንት እንደተገዛ አያውቅም። ገበያውም አያውቅም። 40 ብር የምትባለው ቁጥር ያለችው በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ከነገ ጀምሮ ዋጋውን የሚወስነው ስንት መኪና ከሸዋ ሮቢት ጣርማበርን ወጥቶ እንደሚመጣና ስንት ሰው እንደሚገዛ ነው እንጂ የእሱ ደረሰኝ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። 40 ኩንታል በ160,000 ብር ገዝቶ ደብረ ብርሃን መጋዘን አስገባ፣ «ብርዱ ያቆይልኛል» ብሎ። ዋጋው 30 ሲገባ ያን ቀን ቢሸጥ ኪሳራው 40,000 ነበር። አልሸጠም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ግማሹ አጎነቆለ፣ ከሥር ያለው በሰበሰ፣ ቀሪው ደርቆ ክብደቱ ወረደ። በመጨረሻ 32 ኩንታል በ22 ብር ሸጦ 70,400 ብር አገኘ። 40,000 ብር መክሰር አልዋጥልህ ብሎት 89,600 ከሰረ።

ይህ የእሱ ብቻ ጠባይ አይደለም። ካህነማንና ትቨርስኪ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው ኪሳራንና ትርፍን የሚለካው ካለው ሀብት ጠቅላላ ሳይሆን ከአንድ መነሻ ቁጥር ተነስቶ እንደሆነ አሳዩ። የኪሳራው ሕመም ደግሞ ከእኩል ትርፍ ደስታ ይበልጣል። በኋላ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲለኩት ከሁለት እጥፍ ትንሽ አለፍ የሚል ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሌላው ነው፤ ያው ሰው ትርፍ ላይ ሲሆን ይፈራል፣ ኪሳራ ላይ ሲሆን ቁማርተኛ ይሆናል።

አማቼም ይህንኑ አደረገ። ለሽንኩርቱ የተበደረውን መክፈያ ሲያጣ ምን ሸጠ መሰላችሁ? በጎቹን። በ7,000 ብር ሂሳብ የገዛቸው ስድስት የመንዝ በጎች ነበሩት፣ አድልቦ ለፋሲካ ሊያወጣቸው። «እነሱስ አትርፈውልኛል» አለና በ8,500 ሸጣቸው። በዓሉ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው! በየቀኑ እየበሰበሰ የሚሄደውን አቅፎ፣ በየቀኑ ዋጋው የሚጨምረውን ለቀቀ።

የተማሩትም ከዚህ አያመልጡም። ኦዲን የሚባል ተመራማሪ የአንድ አሜሪካ የአክሲዮን ድለላ ድርጅት 10,000 ሂሳቦችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው ጥናት፣ ሰዎቹ ካተረፉት አክሲዮን 15 ከመቶ ያህሉን ሲሸጡ፣ ከከሰሩት የሸጡት 10 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው። የሸጧቸው አትራፊዎች በቀጣዩ ዓመት ካቆዩአቸው ከሳሪዎች የተሻለ አስገኝተዋል። አክሲዮን ሲሆን ደግሞ ሽታ የለውም፤ ሽንኩርት ቢያንስ ሲበሰብስ ይነግርሃል።

መጀመሪያስ ለምን ገዛ? «ሁሉም እየጫነ ነው» ስላሉት። ሌሎቹም የጫኑት እንደ እሱ ያሉ ሰዎች ሲጭኑ አይተው ነው። ከዚያ በፊት ገበሬው ያለፈውን ዓመት ጥሩ ዋጋ አይቶ ተከለ፣ ጎረቤቱም እንዲሁ። ሽንኩርት ከመደብ እስከ ለቀማ ወራት ይፈጃል፣ ስለዚህ ሁሉም ሲያይ የነበረው ያረጀ ዋጋ ነው። ምርቱ ግን በአንድ ሰሞን ወጣ። ሰው የሚያደርገውን ማድረግ ሁልጊዜ ሞኝነት ነው አልልም፤ ከፊትህ ያለው ሰው አንተ ያላየኸውን አይቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጠየቅ ነው፦ ማሳውን አየህ ወይስ ጫኞቹን? አማቼ ያየው ጫኞቹን ነበር።

በስልክ አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ዛሬ እጅህ ላይ 120,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ቢኖር፣ ይህንኑ ሽንኩርት በ30 ብር ትገዛለህ?»

«ምን ነካህ፣ አብጃለሁ እንዴ?»

አለመሸጥ ማለት እንግዲህ በየማለዳው እንደገና መግዛት ነው። በጎቹን ቢጠይቀኝ ደግሞ መልሱ ይገለበጥ ነበር፤ በዓል እየመጣ ነው፣ መኖውም ያን ያህል አይከብድም። ማቆየት ራሱ ጥፋት አይደለም፣ የማቆያው ምክንያት የተገዛበት ዋጋ ብቻ ሲሆን ነው ጥፋቱ።

አሁን ሲገዛ በዚያው ቀን ሁለት ነገር ደብተር ላይ ይጽፋል፦ ስንት ሲገባ፣ ስንት ቀን ሲሞላው እንደሚሸጥ። ደብተሩን የምትይዘው ሚስቱ ናት፤ ይህ የእኔ ሳይሆን የእሷ ሐሳብ ነበር።

የበጎቹን ገዢ በፋሲካ ዋዜማ ገበያ ላይ አገኘሁት። ስንት እንዳወጡለት ነግሮኛል። ለአማቼ አልነገርኩትም።